ከቪትዝ በታች ዋጋ ያለው ኤስ ክላስ፦ ጠዋት የሚንበረከከውን መኪና ልግዛው?

ሄርማታ_ልጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ መርሰዲስ ኤስ 320 ለሽያጭ ቀርቧል። የ2001 ስሪት፣ ቤንዚን፣ አውቶማቲክ ነው። ወንበሩ ቆዳ፣ ቀለሙ ያልተነካ፣ ሊብሬው ንጹህ። ሰውየው የሚጠራው ዋጋ ከቪትዝ በታች ነው። ያለው ችግር አንድ ብቻ ነው ተብያለሁ፤ ሲያድር በግራ ፊት በኩል ይንበረከካል፣ ጠዋት ሲነሳ ከፊት በኩል እያጓራ ቀስ ብሎ ይነሳል። ደላላው «ኮምፕረሰሩ ደክሟል፣ እሱን ብቻ ትቀይርና ትነዳዋለህ» ይላል። የኮምፕረሰሩን ዋጋ ብደምርበት እንኳ ቪትዝ ከመግዛት ብዙም አይበልጥብኝም። ሒሳቤ የት ጋ ነው የሚሳሳተው?

አጂፕ_ሰፈር

ወንድሜ፣ መርሰዲስ እኮ አይሞትም። የድሮዎቹን ታክሲዎች አላየህም? ዘይት በሰዓቱ ቀይርለት እንጂ ልጅህም ይነዳዋል። የአየር አሞርዛተሩን አውልቀህ ሞላ አስገባበት፣ አበቃ። ሰው ስሙን ፈርቶ ነው እንጂ ከቪትዝ በታች ኤስ ክላስ ሲገኝ አይታለፍም።

መካኒክ_ጅሬን

አጂፕ፣ የምትላቸው እነ 123 እና 124 ናቸው። በብረት ሞላ የሚሄዱ፣ አብዛኛው ሥራቸው በመፍቻ የሚያልቅ መኪኖች ናቸው፤ ስለ እነሱ ያልከው ልክ ነው። ይሄኛው 220 የሚባለው ሞዴል ነው። ከ1998 እስከ 2005 የተመረተው ኤስ ክላስ አብዛኛው በአራቱም ጎማ ላይ ሞላ የለውም፣ በአየር ነው የሚቆመው። ኮከቡ አንድ ስለሆነ መኪናው አንድ አይደለም።

ወደ ጠያቂው ልመለስ። ደላላው የነገረህ ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። ግራ ፊቱ ብቻ ከወረደ አየር እየወጣ ያለው በዚያ በኩል ነው፤ ከአሞርዛተሩ ላስቲክ፣ ከላይ ከሚገባው ቱቦ ማሰሪያ ወይም ለዚያ ጎማ አየር ከሚከፍተው ቫልቭ። በዚህ ዕድሜ ላይ በብዛት የሚገኘው ላስቲኩ ነው። መኪናው ከፍ ዝቅ ሲል ላስቲኩ ሁልጊዜ የሚታጠፍበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ፀጉር የሚያክሉ ስንጥቆች ይፈጠራሉ። ኮምፕረሰሩ ራሱ ቢደክምም አየር አያስወጣም። እሱ ቢሞት መኪናው መነሳት ያቅተዋል እንጂ አንድ ጥግ ብቻ ለይቶ አይወርድም።

ታዲያ ኮምፕረሰሩ ለምን ያጓራል? የተሠራው ለአጭር ጊዜ እንዲነሳና እንዲያርፍ ነው። ሰው ሲገባ፣ ሻንጣ ሲጫን ትንሽ ነፍቶ ይቆማል። ላስቲኩ የሚያፈስ ከሆነ ግን ጠዋት ከዜሮ ጀምሮ ይነፋል፣ ቀን ላይም ያለቀውን ለመሙላት ደጋግሞ ይነሳል። ይግላል፣ የፒስተኑ ቀለበት ይበላል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። ጉልበቱ ሲወርድ ደግሞ ያንኑ ከፍታ ለማድረስ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። አዲስ ኮምፕረሰር ገዝተህ በሚያፈስ ላስቲክ ላይ ብታስረው አዲሱንም በዚያው መንገድ ትገድለዋለህ።

ሄርማታ_ልጅ

ጋሼ አመሰግናለሁ። እንግዲያው ኮምፕረሰሩን ትቼ አሞርዛተሩን ብቀይር ይበቃል ማለት ነው?

መካኒክ_ጅሬን

አይበቃም፤ መኪናው በዚህ ሁኔታ ስንት ጊዜ እንደቆየ አናውቅም። ጉዳቱ የሚሄድበት መንገድ አለው፣ በዚያው ቅደም ተከተል ማየት ነው።

ከላስቲኩ ቀጥሎ ሪሌው ነው። ኮፈን ስር ባለው የፊውዝ ሳጥን ውስጥ የኮምፕረሰሩ ሪሌ አለ። ኮምፕረሰሩ ብዙ ኤሌትሪክ ስለሚስብ፣ ደጋግሞ ሲነሳ የሪሌው ውስጠኛ መገናኛ ይቃጠልና ተጣብቆ ይቀራል። ከተጣበቀ መኪናው ጠፍቶም ኮምፕረሰሩ አይቆምም፤ ወይ ባትሪውን ይጨርሳል፣ ወይ ራሱን ያቃጥላል። ሪሌው ከሁሉም ዕቃ ርካሹ ነው፣ የሚያቃጥለው ግን ውዱን ነው። አሞርዛተር በተቀየረ ቁጥር አብሮ መቀየር አለበት።

ከዚያ ማድረቂያው። ኮምፕረሰሩ አጠገብ አየሩን ከእርጥበት የሚያጣራ ጠጠር የያዘ ጣሳ አለ። ሥርዓቱ ጤነኛ ሲሆን መኪናው ዝቅ ሲል የሚወጣው ደረቅ አየር በጠጠሩ መካከል ተመልሶ ያልፋል፣ ሲያልፍ ጠጠሩን ያደርቀዋል። የሚያፈስ መኪና ላይ ግን አየሩ በላስቲኩ ስንጥቅ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ጠጠሩ እርጥበት ብቻ ይቀበላል፣ የሚያደርቀው የለም። እንደ ጅማ ባለ አገር፣ ክረምቱን በሙሉ እርጥብ አየር እየሳበ ሲሠራ ጠጠሩ ይሞላል፣ ውሃው ወደ ቫልቭ ሳጥኑ ያልፋል፣ ቫልቮቹ ይዝጋሉ። አንዳንዴ ጠጠሩ ራሱ ተፈጭቶ ዱቄቱ ቫልቮቹ ውስጥ ይገባል። ያኔ መጀመሪያ በአንድ ጥግ የነበረው ችግር ሌሎቹ ጎማዎች ላይም ይወጣል።

ቆጪ_ፕራዶ

ይሄ ነገር እኔም አለብኝ! ፕራዶዬ ከኋላ ዝቅ ይላል፣ የሚጮህም ነገር አለ። እኔም ይሄን ሁሉ ልቀይር ማለት ነው?

መካኒክ_ጅሬን

ያንተ ሌላ ነው፣ አትደንግጥ። 120 ፕራዶ ከኋላ አየር ያለው ከሆነ የአየሩ ከረጢት ለብቻው፣ አሞርዛተሩ ለብቻው ነው። ከረጢቱ ሲቀደድ ከረጢቱን ብቻ ትቀይራለህ። በኤስ ክላሱ የፊት እግር ግን ላስቲኩና አሞርዛተሩ አንድ አካል ናቸው። ላስቲኩ በቀጭን ስንጥቅ ሲያፈስ ደህናውን አሞርዛተርም አብረህ ትጥላለህ። የዋጋውን ልዩነት የሚያመጣው ይሄ አሠራር ነው።

የራስህን ለማየት ግን መጀመሪያ ከኋላ ያለው አየር ይሁን ብረት ሞላ አረጋግጥ። ብረት ከሆነ ጭነት አድክሞት ነው።

ሰዓዳ_መለዋወጫ

እኔ አዲስ አበባ ዕቃ ላይ ነው የምሠራው፣ ቤተሰቤ ጅማ ነው፤ ስለዚህ የዕቃውን ጎን ልንገርህ። የመኪናውን ዋጋ የሚወስነው ገዢ ነው። ኤስ ክላስን የሚፈራ ሰው ስለበዛ ዋጋው ወረደ። የአሞርዛተሩን ዋጋ ግን አንተም ሻጩም አትወስኑትም። መኪናው ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው ብሎ የሚቀንስልህ አምራች የለም፤ ያ ዕቃ ዛሬም የኤስ ክላስ ዕቃ ነው፣ የሚገዛውም በዶላር ነው። ብር በገበያ መወሰን ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ባለፈው ወር የሰማኸው ዋጋ በዚህ ወር ላይሠራ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ብዛት ነው። የቪትዝና የኮሮላ ዕቃ በጅምላ ይገባል፣ ጅማ መርካቶም ታገኘዋለህ። የ220 የፊት አሞርዛተር ግን ማንም ደርድሮ አያስቀምጥም። ወይ ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና የወጣ ታገኛለህ፣ ወይ በትዕዛዝ ይመጣልሃል፤ እስኪመጣ መኪናው ይቆማል።

ከተፈታ መኪና የወጣውን እኔ አልመክርህም። ላስቲክ የሚያረጀው በመንገድ ብቻ አይደለም፣ በዓመትም ነው። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ካንተው ጋር እኩያ ነው። አዲስ ከገዛህም በሻንሲ ቁጥር እዘዝ። አራቱንም ጎማ የሚነዳው 220 የፊት እግሩ ሌላ ነው፤ በመልክ ብቻ የገዛ ሰው አይገጥምለትም።

አጂፕ_ሰፈር

ለዚህ እኮ ነው ሞላ አስገባ ያልኩት። ሞላ ያፈሳል? አያፈስም።

መካኒክ_ጅሬን

በግማሽ እስማማለሁ። ለኮብልስቶንና ለጉድጓድ መንገድ የሞላ ኪት መጥፎ ሐሳብ አይደለም፣ ላስቲኩንም ኮምፕረሰሩንም ያሳርፍልሃል። ግን ሦስት ነገር አለው። አንደኛ፣ የአየር ኮምፒውተሩ ከፍታ ሴንሰሮቹ የሚነግሩትን ማንበብ አያቆምም። ኮምፕረሰሩ ከወጣ ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ይቀራል። በደንብ የተሠራ ኪት ኮምፒውተሩን የሚያታልል ሳጥን አብሮ ይመጣል፣ ርካሹ ግን የለውም። ሁለተኛ፣ ሞላው ለአንድ ክብደት የተሠራ ነው። አራት ሰውና ሻንጣ ሲጫን ኋላው ይወርዳል፤ በአየር ቢሆን ራሱን ያስተካክል ነበር። ሦስተኛ፣ ፊቱን ብቻ ሞላ አድርጎ ኋላውን በአየር መተው ብልሃት ይመስላል፤ ኮምፕረሰሩና ቫልቭ ሳጥኑ ግን እንዳሉ ይቀጥላሉ፣ ወጪውም አብሯቸው ይቀጥላል። ካደረግክ አራቱንም አድርግ።

በዚህ ላይ ኪቱም ከውጭ ነው የሚመጣው። የአራቱ ጎማ ኪት ከሁለት አዲስ የፊት አሞርዛተር ምን ያህል እንደሚረክስ ሰዓዳ ትንገረን፤ እንደሚባለው በጣም የረከሰ አይመስለኝም።

ሰዓዳ_መለዋወጫ

እንደ አምራቹ ይለያያል። ሌላ አምራች ከሠራው አሞርዛተር ጋር ስታወዳድረው ልዩነቱ ጠባብ ነው፣ ከዋናው ጋር ከሆነ ሰፊ ነው። እኔ ብሆን ዋናውን ዋጋ ሳልሰማ አልወስንም።

ሄርማታ_ልጅ

ደውዬ ጠየቅኩ። ሁለት የፊት አሞርዛተር ሌላ አምራች የሠራው፣ ኮምፕረሰር ከነማድረቂያው፣ ሪሌ። የነገሩኝ ሲደመር ሻጩ ከሚጠይቀው ዋጋ ሲሶውን አለፈ። የሠራተኛ አልተጨመረበትም። ግን አሁንም ያላመንኩት ነገር አለ፤ ሁለቱንም የግድ ነው? የሚወርደው ግራው ብቻ ነው።

መካኒክ_ጅሬን

ቀኙ በአንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ የወጣ፣ ያንኑ መንገድ የሄደ ላስቲክ ነው። ግራውን ብቻ ብትቀይር ይሄዳል፣ ማንም አይከለክልህም። ግን ቀኙ በሚቀጥለው ዓመት ሲያፈስ አዲሱን ኮምፕረሰርህን ይዞብህ ይሄዳል።

ውሳኔውን በወሬ አታድርገው፤ ሻጩን አስፈቅድና ራስህ ፈትሽ። ማታ መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም፣ ሞተሩ ይጥፋ። ከእያንዳንዱ ጎማ መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን በሜትር ለካና አራቱንም ቁጥር ጻፍ። ጠዋት ማንም በር ሳይከፍት ደግመህ ለካ፤ በር ሲከፈት ኮምፒውተሩ ሊነቃና ከፍታውን ሊያስተካክል ይችላል። አንድ ጥግ ብቻ ከወረደ በዚያ በኩል ያለው አካል ነው። ሁሉም አብሮ ከወረደ ወይም አንዴ ይሄ አንዴ ያ የሚወርድ ከሆነ ወደ ቫልቭ ሳጥኑ ተመልከት፤ ያኔ ሒሳቡ ይለወጣል።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነስተህ ኮምፕረሰሩን አድምጥ። ከፊት በቀኝ በኩል፣ ከፓራውልቱ ጀርባ ነው ያለው። ከፍ ማድረጊያውን ቁልፍ ስትጫን መኪናው 2.5 ሳንቲሜትር ገደማ መነሳት አለበት። ጤነኛው ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ሥራውንም ቶሎ ይጨርሳል። ጮኾ ደቂቃዎች ከፈጀ፣ ወይም መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ከተነሳ፣ የሙቀት መከላከያው እያስቆመው ነው። ያ ኮምፕረሰር አልቋል።

ከዚያ የሳሙና ውሃ በመርጫ ይዘህ መሪውን ሙሉ በሙሉ አዙርና ላስቲኩ የሚታጠፍበትን ቦታና የላዩን ቱቦ ማሰሪያ እርጭ። አረፋው ካደገ አገኘኸው። በጣም ቀጭን ስንጥቅ ግን አረፋ ለማሳየት ሊዘገይ ይችላል፤ አንድ ጊዜ ረጭተህ አረፋ ካላየህ አትለፈው።

አንድ የምለምንህ ነገር፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር እጅህን አታስገባ። አየሩ በድንገት ሲወጣ ፓራፋንጎው ጎማው ላይ ይወርዳል። ካቫሌቶ አስገብተህ ነው የሚሠራው።

አጂፕ_ሰፈር

እኔ የብሉቱዝ መመርመሪያ አለኝ፣ ስልኬ ላይ ነው የሚሠራው። መጥቼ ኮዱን ላነብለት እችላለሁ፤ ኮድ ከሌለው ምን ይፈራል?

መካኒክ_ጅሬን

ቅንነትህን አመሰግናለሁ፤ ግን እሱ መመርመሪያ የሚያነበው ሞተሩን ነው። የአየሩ ኮምፒውተር ለብቻው ነው፣ ተራ መመርመሪያ አይገባበትም። «ኮድ የለውም» ብለህ ብትነግረው ያልተመረመረውን እንደተመረመረ ታስመስልበታለህ። ለመርሰዲስ የተሠራ መመርመሪያ ያለው ጋራዥ ይፈልግ። ኮድ ከመነበቡ በፊት ደግሞ ባትሪው ይለካ። የተዳከመ ባትሪ ያለው 220 የሌለበትን በሽታ ሁሉ ይናዘዛል፤ ባትሪው ራሱ ትልቅ ነው፣ 100 አምፒር ሰዓት ገደማ፣ በቪትዝ ባትሪ ዋጋ አታስበው።

ሰዓዳ_መለዋወጫ

አየሩን ብቻ እያያችሁ ሌላውን እንዳትረሱት። የዚህ ሞተር ተራ ሰርቪስ ራሱ ሌላ ነው። ስድስት ሲሊንደር ነው፣ ግን እያንዳንዱ ሁለት ካንዴላ አለው፤ ስለዚህ 12 ካንዴላ ትገዛለህ። ዘይቱ ወደ 8 ሊትር ይጠጋል፣ ኮሮላ አራት ሊትር በማይሞላ የሚጨርሰውን። ምንም ሳይበላሽ የሚወጣ ወጪ ይሄ ነው።

መካኒክ_ጅሬን

ልክ ናት። ካምቢዮውም ላይ አንድ የማይታለፍ ቦታ አለ። ባለ አምስት ማርሹ አውቶማቲክ በጎኑ ክብ የሽቦ ሶኬት ይገባበታል። የሶኬቱ መያዣ ላይ ያሉት የላስቲክ ቀለበቶች ሲደርቁ ዘይት ያፈሳሉ። ወደ መሬት የሚንጠባጠበው ቀላሉ ነው። ክፉው በሽቦዎቹ ውስጥ ሽቅብ ተስቦ እስከ ካምቢዮው ኮምፒውተር የሚደርሰው ነው። መያዣው ርካሽ ነው፣ መቀየሩም የአንድ ቀን ሥራ አይሞላም፤ ኮምፒውተሩ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሞተሩን አጥፍተህ፣ መኪናውን በካቫሌቶ ከፍ አድርገህ ስታቆመው ከካምቢዮው በቀኝ በኩል ሶኬቱን ነቅለህ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረግ። ቀይ ቡናማ ዘይት ካገኘህ የሽቦውን ሌላ ጫፍም ክፈትና እይ።

አየሩም ካምቢዮውም ላይ ያለው ነገር አንድ ነው፤ ርካሹ ላስቲክ በጊዜው ባለመቀየሩ ውዱን ዕቃ ይዞ ይሄዳል። የመጀመሪያው ባለቤት ርካሹን ይቀይር ነበር። ሦስተኛው ሳይቀይር ሸጠው። አንተ አራተኛ ከሆንክ የሚጠብቅህ ውዱ ነው፤ የዋጋው መውረድ የዚያ ውዝፍ ነው።

ቆጪ_ፕራዶ

ሞላ ነው፣ አየሁት። ተገላገልኩ። አንድ ጥያቄ፦ ጅማ ላይ ካልተሠራ እስከ አዲስ አበባ ጎትቶ መውሰድ አይቻልም? 350 ኪሎ ሜትር ነው።

መካኒክ_ጅሬን

ጎማው መሬት ላይ እየተሽከረከረ አይቻልም። ይሄ አውቶማቲክ ሞተሩ ሲጠፋ የዘይት ፖምፓው አይሠራም፣ ውስጡ ሳይቀባ ይሽከረከራል። መመሪያው የሚፈቅደው በኤን ላይ ሆኖ 50 ኪሎ ሜትር ብቻ፣ ፍጥነቱም ከ50 ሳያልፍ ነው። በእሱ ልክ ወልቂጤም አትደርስ፣ ግቤንም አታይ። ያለህ ምርጫ ጠፍጣፋ መኪና ላይ መጫን ነው። አየሩ ወርዶ ከሆነ ደግሞ ሲጫን የፊቱ ፓራውልት መወጣጫውን ይፍቃል፤ እንጨት እያስገባህ ነው የምታወጣው። ያንን የመጫኛ ኪራይም ሒሳብህ ላይ ጻፍ።

ሄርማታ_ልጅ

ሻጩ ለማታ ለጠዋቱ ልኬት ፈቀደ፣ ለካሁ። ግራ ፊት 9 ሳንቲሜትር ወርዷል፣ ቀኝ ፊት 2፣ ኋላዎቹ አልተነቃነቁም። ኮምፕረሰሩ ሊያነሳው ቢሞክርም መሃል ላይ ቆመ፣ ከቆየ በኋላ እንደገና ጀመረ። ሶኬቱን ስንነቅል ጨርቁ እርጥብ ሆነ፤ የሽቦውን ሌላ ጫፍ ግን ሻጩ አላስከፈተንም።

መካኒክ_ጅሬን

ግራው አልቋል፣ ቀኙ ጀምሯል፤ ጥያቄህን ሜትሩ መለሰልህ። ኮምፕረሰሩም አልቋል። እስከዚህ ያለውን በዋጋ አውቀኸዋል። ያላወቅከው የካምቢዮውን ኮምፒውተር ነው። ያ ጫፍ ሳይከፈት ዋጋ አትስማማ። ካልከፈተልህ ኮምፒውተሩ እንደተበላሸ ቆጥረህ ከዋጋው ቀንስ፤ ሻጩ በዚያ የማይስማማ ከሆነ ይለፍህ።

አጂፕ_ሰፈር

እኔ አሁንም አራቱንም ሞላ አድርጎ፣ ሶኬቱን ቀይሮ ቢይዘው ያዋጣል ባይ ነኝ። ቪትዝ ውስጥ አራት ሰው ሆኖ አዲስ አበባ የሄደ ያውቀዋል።

ሰዓዳ_መለዋወጫ

የአራቱን ኪት ዋጋ ጠይቄ ነበር። የማታለያው ሳጥን ያለው ከሁለቱ አሞርዛተር ከኮምፕረሰሩ ጋር ከተደመረው ትንሽ ነው ያነሰው፤ ሳጥን የሌለው በደንብ ይረክሳል። የኋላዎቹ አሞርዛተሮች ገና ደህና ስለሆኑ ምርጫው ከባድ ነው። ሄርማታ፣ የሻንሲ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ላክልኝ፤ ምንም ከመክፈልህ በፊት የትኛው የፊት እግር እንደሆነ ላረጋግጥልህ።

ሄርማታ_ልጅ

ልኬልሻለሁ እህቴ። ሻጩ «ቅዳሜ ኤሌትሪሽያን ይዘህ ና፣ ይከፈት» ብሏል። የቡና ሰሞን ስለሆነ ሌላ ገዢ እንዳለው ይናገራል፤ እኔ ግን ሳይከፈት ቀብድ አልሰጥም ብያለሁ።